ሲንስ ወይስ ፎር? የአንድ ጀልባ አስጎብኚ ዓረፍተ ነገር ሲታረም

ከባሕር ዳር እንግዳ ይዘው ወደ ዘጌ የሚሻገሩት ወጣት አስጎብኚዎች በአፋቸው እንግሊዝኛ አይቸግራቸውም። ዋጋ ይደራደራሉ፣ የገዳማቱን ታሪክ ያስረዳሉ፣ ይቀልዳሉም። ጣጣው የሚመጣው በጽሑፍ ሲሆን ነው። ከመካከላቸው አንዱ ለሚመጡ እንግዶች በቴሌግራም የሚልካትን አጭር የራሱን ማስተዋወቂያ «ጋሼ፣ እስቲ እይልኝ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦

```
I am working as a boat guide since six years.
```

መልእክቱ ይገባል፤ በጀልባ አስጎብኚነት ስድስት ዓመት ሠርቷል፣ አሁንም እየሠራ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አንዱን ብቻ ጠግነን ብንተወው ሌላው አፍጥጦ ይታያል፤ ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድበት።

1. የጊዜውን ሐረግ ነጥሉ

መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ በእጃችሁ ሸፍኑና ጊዜ የሚናገሩትን ቃላት ብቻ ተመልከቱ። እዚህ ያሉት «ሲክስ ይርስ» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው። ሲንስንም ለጊዜው እርሱት፣ የምንፈትሸው እሱን ነውና።

አሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ጊዜ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ በጣቴ ልነካው እችላለሁ? ጥቅምትን መንካት ይቻላል። እሑድንም፣ ጥምቀትንም፣ 2019ንም እንዲሁ። «ስድስት ዓመት» ግን የት ላይ ነው? የትም የለም፤ ርዝመት እንጂ ቦታ የለውም። በጣት የሚነካ መነሻ ከሆነ ሲንስ ይቀድመዋል፤ ርዝመት ከሆነ ፎር። ስለዚህ የእኛው ሐረግ ፎር ይፈልጋል።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ደንቡን ስላልተማረ አይደለም፤ ስምንተኛ ክፍል ሳይደርስ ሰምቶታል። የሚያሳስተው «ከ… ጀምሮ» ወይም «ከ… ወዲህ» የምንለው ለሁለቱም ስለሚያገለግለን ነው። «ከጥቅምት ወዲህ» እንላለን፣ «ከስድስት ዓመት ወዲህ»ም እንላለን፣ ጆሯችን ልዩነት አይሰማም። እንግሊዝኛው ግን በሁለተኛው ቦታ ሲንስን አይቀበልም። ስለዚህ ከአማርኛው «ከ» ተነስቶ መምረጥ ሁልጊዜ ወደ ሲንስ ይወስዳል። በጣት መንካቱ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ይህን መፈተሻ የሚያደናግሩ ጥቂት ሐረጎች አሉ። ዋናው «ላስት» የሚለው ቃል ነው። «ላስት ዊክ» ያለፈው ሳምንት ነው፣ መቁጠሪያው ላይ ቦታ አለው፣ ሲንስ ይወስዳል። «ዘ ላስት ሲክስ ይርስ» ግን ያለፉት ስድስት ዓመታት ነው፤ «ላስት» ቢኖርበትም ርዝመት ነውና ፎር ይቀድመዋል። ሌላው «ሲክስ ይርስ አጎ» ነው። መነሻን ስለሚያመለክት ብዙዎች ሲንስን ይጨምሩበታል፤ ሆኖም ሲንስና አጎን አንድ ላይ ማሰለፍ ጥሩ አጻጻፍ አይደለምና አጎን ጥላችሁ «ፎር ሲክስ ይርስ» በሉ። «ኤ ሎንግ ታይም»ም ረጅም ይሁን እንጂ ርዝመት ነው። «ሲንስ ሎንግ ታይም» የሚለውን በየሱቁ ማስታወቂያ አያለሁ፤ «ፎር ኤ ሎንግ ታይም» ነው መሆን ያለበት።

2. ወደ ግሡ ሂዱ

አብዛኛው ሰው ሲንስን በፎር ይተካና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ልጁም እንደዚያው አደረገ፤ ሲንስን አጥፍቶ ፎርን ጻፈና ስልኩን መለሰልኝ። ግን «አይ አም ወርኪንግ» አሁንም እንዳለ ነው።

«እየሠራሁ ነው» ስንል «አም ወርኪንግ» ፊታችን ላይ ድቅን ይላል። በእንግሊዝኛ ይህ ፕረዘንት ኮንቲኒዩስ የሚናገረው ስለ አሁን ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ስድስት ዓመት የመሸከም አቅም የለውም። ድሮ ተጀምሮ እስከ አሁን የዘለቀን ነገር የሚይዘው ፕረዘንት ፐርፌክት ነው፤ «ሃቭ» የግድ መግባት አለበት። ስለዚህ፦

```
I have been working as a boat guide for six years.
```

«ሃቭ ወርክድ» ቢልስ? ትክክል ነው። እንደ መሥራትና መኖር ባሉ ግሦች ሁለቱም ይሄዳሉ፤ «ሃቭ ቢን ወርኪንግ» መቀጠሉን ትንሽ ጎላ ያደርገዋል፣ ለማስተዋወቂያ እሱን እመርጣለሁ። ማወቅ፣ መሆን፣ መያዝ ወይም ባለቤት መሆን የመሳሰሉት ግን «ኢንግ»ን አይወስዱም። ልጁ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ጀልባው የራሱ ከሆነ ሦስት ዓመቱ እንደሆነ መናገር ፈልጎ ነበር። የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

```
I have had my own boat for three years.
```

«ሃቭ ሃድ» ተደጋግሞ ሲያየው «አንዱ በዛ» ብሎ ሊሰርዝ ነበር። አልበዛም። የመጀመሪያው «ሃቭ» የፕረዘንት ፐርፌክቱ ረዳት ነው፣ «ሃድ» ደግሞ የዋናው ግሥ ሦስተኛ ቅርጽ፤ አንዱ ከወጣ ዓረፍተ ነገሩ ይወድቃል።

3. «አሁንም አለ?» ብላችሁ ጠይቁ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ክፍል ውስጥ በችኮላ የሚታለፍ ቦታ ነው። ብዙ ተማሪ «ፎር ካለ ፕረዘንት ፐርፌክት ነው» ብሎ በቃሉ ይዟል። እውነት አይደለም። ፎር የሚናገረው ርዝመትን ብቻ ስለሆነ ካለቀ ነገር ጋርም ይሄዳል፦

```
I worked as a boat guide for six years.
```

ይህ ዓረፍተ ነገር ሰዋስዋዊ ስህተት የለበትም፤ የሚያስተላልፈው መልእክት ግን ልጁ ሥራውን ትቷል የሚል ነው። ይህን ያነበበ እንግዳ ጀልባ ለመከራየት ሌላ ሰው ይፈልጋል። «ሃቭ ቢን» ከጠፋ የጠፋው ደንበኛ ነው። ስለዚህ ፎርን ከጻፋችሁ በኋላ ነገሩ አሁንም እንዳለ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ካለ «ሃቭ»፣ ካለቀ ፓስት ሲምፕል።

ሲንስ በዚህ በኩል ጠንከር ይላል። ከአንድ መነሻ እስከ አሁን ያለውን ስለሚይዝ «አይ ወርክድ ሲንስ 2019» ብሎ ነገር የለም፤ ያም «ሃቭ»ን ይጠይቃል።

4. ያንኑ ሐሳብ በሲንስ ጻፉት

ሁለቱን መለየታችሁን የምታረጋግጡት አንዱን ወደ ሌላው በመገልበጥ ነው። ልጁን «ሥራውን መቼ ጀመርክ?» አልኩት። «ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ 2012» አለ። እናም ሳያመነታ «ሲንስ 2012» ብሎ ጻፈ።

ሲንስ ትክክል፣ ዓመቱ ስህተት። ርዝመት በየትኛውም አቆጣጠር ርዝመት ነው፤ መነሻ ግን በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይጠየቃል። በ2025 መጨረሻ ባሕር ዳር የገባ ፈረንጅ «ሲንስ 2012»ን ሲያነብ 13 ዓመት ይቆጥራል። ልጁ 24 ዓመቱ ነው፤ እንግዳው በ11 ዓመቱ ጀልባ መንዳት የጀመረ ሊመስለው ነው፣ አለዚያም ውሸት ነው ይላል።

ስለዚህ ዓመቱን ገልብጡ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ሰባት ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት። የጥቅምት 2012 መጀመሪያ ላይ ሰባት ሲደመር ኦክቶበር 2019 ይሆናል። የጀመረው የካቲት አጋማሽ ቢሆን ኖሮ ስምንት ደምረን ፌብሩዋሪ 2020 እንል ነበር። የልጁ እንዲህ ሆነ፦

```
I have been working as a boat guide since 2019.
```

መነሻው ቀን ሳይሆን ድርጊትም ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ትምህርት ከጨረሰ ጀምሮ።

```
I have been working as a boat guide since I finished school.
```

ከሲንስ በስተግራ «ሃቭ» አለ፣ በስተቀኝ የለም። ትምህርት መጨረሱ አንድ ጊዜ ሆኖ ያለፈ ነገር ስለሆነ ፓስት ሲምፕል ይበቃዋል። ሁለቱንም ወገን «ሃቭ» ማድረግ በዚህ ቦታ የተለመደ ስህተት ነው።

5. ለየትኛው ቦታ የትኛው?

ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ትክክል ናቸው፣ የሚያገለግሉት ግን በተለያየ ቦታ ነው። «ፎር ሲክስ ይርስ» በሚቀጥለው ዓመት ያረጃል፤ ስልክ ላይ ከሆነ ማስተካከል ይቻላል፣ ጀልባው ጎን ላይ በቀለም ከተጻፈ ግን በየዓመቱ ቀለም ሊገዛ ነው። ለሚቆይ ጽሑፍ ሲንስ ይሻላል። ለአፍ ንግግር ግን ፎርን እመርጣለሁ፤ ሰሚው መቀነስ አይጠበቅበትም፣ የአቆጣጠር ልዩነቱም አይገባበትም።

በሰዓት ሲሆን ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባው ጋ ደርሶ እስከ አምስት ሰዓት እንግዳ የጠበቀ አስጎብኚ «ሲንስ ቱ ኦክሎክ» ብሎ መልእክት ቢልክ፣ እንግዳው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ወጥቶ ነው እንዴ ብሎ ይደነግጣል። ወይ ስድስት ሰዓት ደምሮ «ሲንስ ኤይት ኦክሎክ» ይላል፣ ወይም ይህን ይልካል፦

```
I have been waiting for three hours.
```