ምላሽ ያጣው የቀረጻ ቦታና የስፖንሰርነት ደብዳቤ እንዴት ተስተካከለ?

ለመመረቂያ አጭር ፊልሜ አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ካፌ ቦታውን እንዲፈቅድልኝና ስፖንሰር እንዲሆነኝ የጻፍኩት ደብዳቤ ምላሽ አላገኘም ነበር። ባለቤቱን በአካል ሳነጋግራቸው፣ ያሳሰባቸው ገንዘቡ ሳይሆን ቀረጻው ገበያቸውን ለስንት ሰዓት እንደሚያስተጓጉል ከደብዳቤው አለመታወቁ መሆኑን ተረዳሁ።

ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቼ የቦታውን ፈቃድ አስቀደምኩ፤ ስምንት ሰዎች ሆነን እሑድ ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ካፌው ከመከፈቱ በፊት እንደምንቀርጽ፣ ሁለት የኤልኢዲ መብራቶች ብቻ እንደምንሰካና ለሚሰበር ዕቃ እኔ እንደምጠየቅ ጻፍኩ። የማቀዝቀዣው ድምፅ የተዋናዮቹን ንግግር ስለሚያበላሽ በየቀረጻው ወቅት ለጥቂት ደቂቃ እንዲጠፋልን አስቀድሜ ጠየቅሁ፤ ይህ በዕለቱ ድንገት ቢነሳ ጠብ የሚጭር ጉዳይ ነው። መልሶ ማብራቱን የሚረሳ አይጠፋምና ኃላፊነቱ የድምፅ ባለሙያው መሆኑንም አሰፈርኩ።

በስፖንሰርነቱ በኩል ከገንዘብ ይልቅ የቡድኑን ቁርስ እንዲሸፍኑልን፣ በምላሹም ስማቸው በፊልሙ መጨረሻ ከምስጋናው ጋር እንዲወጣ ሐሳብ አቀረብኩ፤ የቦታው ጥያቄ በቁርሱ ላይ እንደማይመሠረትም ገለጽኩ። የትምህርት ክፍሉ ማህተም ያለበትን የድጋፍ ደብዳቤ አያይዤ ስሰጣቸው ቦታውን ፈቀዱ፤ ቁርሱን ግን በግማሽ ዋጋ አደረጉት።