ለስኳር ሕመምተኛ አባት ስለ ሻይ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል

ደብረ ብርሃን ብርዱ አይቻልም። ሻይ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይጠጣል። ስለዚህ ውጭ አገር ያለች ልጅ ለአባቷ «ሻይ ይተዉ» ብላ ብትጽፍ የሚሰማት የለም። የምትጽፈው ስለ ማንኪያው ይሁን።

መጀመሪያ ሻዩን ለምታፈላው እናት ይደወል። በብርጭቆ ስንት ማንኪያ ይገባል? ማንኪያው ልሙጥ ነው ወይስ የተከመረ? ስኳሩ በማንቆርቆሪያው አብሮ ይፈላል ወይስ ለብቻው ይቀርባል? አባት የሚወስዱት መድኃኒትስ ምንድን ነው?

ለምሳሌ ሦስት ልሙጥ ማንኪያ፣ በቀን አራት ብርጭቆ ነው እንበል። 12 ማንኪያ ማለት ነው። አንዱ ወደ 4 ግራም ስለሚሆን በቀን 48 ግራም ስኳር በሻይ ብቻ ይገባል። ፈሳሽ ውስጥ ያለ ስኳር ደግሞ ደም ውስጥ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ይድረስ ለውድ አባቴ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባባ፣ ሻይዎን አልከለክልዎትም። በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ይጨምራሉ አሉኝ። እስቲ ለሁለት ሳምንት ሁለት ያድርጉልኝ። ከዚያ አንድ። ምላስዎ ሲለምደው ያለ ስኳር ይሞክሩት። ቀረፋና ቅርንፉድ ይብዛበት፤ ጦስኝም አለ። በማር ግን አይተኩት፤ ማርም የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል።»

ለእናትም አንድ መስመር ይጨመር፦ «እማዬ፣ ስኳሩን ከሻዩ ጋር አታፍይው፤ ለብቻው አቅርቢለት።» በማንቆርቆሪያ የፈላን ስኳር ማንም ሊቆጥረው አይችልም። ይህ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን የመድኃኒቱ ጉዳይ። አባት ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ስኳር ሲቀነስ የደም ስኳራቸው ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመራቸው በፊት ለሚከታተላቸው ሐኪም ወይም ነርስ ይንገሩ። ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ከተምታታ፣ ያን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያው ማጠጣት ነው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዱ። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ እንዲያውቀው በደብዳቤው በግልጽ ይጻፍ። ስኳሩም ከቤት አይጥፋ።

ለውጡ የሚታወቀው በልኬት ነው። ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ የደም ስኳር ለብዙ አዋቂዎች ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ በዕድሜ ለገፉ ግን ሐኪሙ ላላ ሊያደርገው ይችላል። ሻዩ ተስተካክሎም ቁጥሩ ካልወረደ ምግቡና መድኃኒቱ ይታዩ።

የደም ስኳር መለኪያ ከውጭ የምትልክ ልጅ አንድ ነገር ልብ ትበል። በአንዳንድ አገሮች የሚሸጠው መሣሪያ በሌላ አሃድ፣ በሚሊሞል በሊትር ይለካል። እዚያ 7 የሚለው እዚህ 126 ነው፤ በ18 ይባዛል። አባት 7 አይተው ስኳሬ አለቀ ብለው ሻዩን በስኳር እንዳይሞሉት፣ ይህን በወረቀት ጽፋ ከመሣሪያው ጋር ትላክ። መመርመሪያ ወረቀቱም የዚያው መሣሪያ መሆን አለበት፤ የሌላው አይሠራም።