ከለገጣፎ ሆኖ የፀጉርና የቆዳ ምርቶችን በቴሌግራም እንዴት መሸጥ ይቻላል?

በለገጣፎ ወይም በአያት አካባቢ የሚኖር ሰው የፀጉርና የቆዳ ምርቶችን በኢንተርኔት ለመሸጥ ከንግድ ፈቃዱ ሌላ ስልክ፣ የቴሌግራም ቻናልና ለሥራው ብቻ የተለየ የቴሌብር ቁጥር ይበቁታል። ከባዱ ነገር ቻናል መክፈቱ አይደለም፤ ገዢዋ ሱቅ ውስጥ ከፍታ፣ አሽትታና እጇ ላይ ቀብታ የምታውቀውን በፎቶና በጽሑፍ ማሳወቁ ነው። ይህን 250 ግራም የሚይዝ አንድ ዕቃ ሺያ በተር በምሳሌነት ይዘን እንመልከት።

ምርቱን ደረሰኝ ከሚሰጥ አስመጪ ወይም አከፋፋይ ይግዙ፤ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመዋቢያ ምርቶችንም ስለሚመለከት፣ የአምራቹ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሌለው ዕቃ ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙ። በተለይ ይዘታቸው ያልተጻፈ ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞችን ፈጽሞ አይያዙ፤ ሃይድሮኪኖን፣ ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ጉዳቱም የሚደርሰው በገዢዋ ፊት ላይ ነው።

ፎቶውን በቀን፣ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ ነጭ ወረቀት አንጥፈው ያንሱ። የስልኩ ፍላሽ በሚያብረቀርቀው ክዳን ላይ ስለሚንጸባረቅና የቅባቱን ቀለም ስለሚለውጥ ያጥፉት። ለአንድ ምርት አራት ፎቶ ይበቃል፦ ፊት ለፊቱ፣ ይዘቱና ቀኑ የሚነበብበት ጀርባው፣ መጠኑ እንዲታወቅ በእጅ ተይዞ፣ በመጨረሻም ጥቂት ቅባት በክንድ ላይ ተቀብቶ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፤ ሺያ በተሩ ቢጫ ይሁን ነጭ፣ ልሙጥ ይሁን ሸካራ የሚታየው በእሱ ነው። ከአምራቹ ገጽ የተወሰደ ፎቶ ግን በእጅዎ ያለውን ዕቃ አያሳይም።

ከፎቶው ሥር መጠኑን፣ ዋጋውን፣ ሙሉ ይዘቱን፣ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውንና አጠቃቀሙን ይጻፉ። «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚለው ልማድ ገዢን ያሸሻል፤ ዋጋው በግልጽ ይቀመጥ። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ሺያ በተር፣ 250 ግራም፣ 900 ብር። ለደረቅ ቆዳና ለከርዳዳ ፀጉር ይሆናል። ከታጠቡ በኋላ እርጥበቱ ሳይጠፋ በጥቂቱ ይቀቡ። የራሱ የሆነ ሽታ አለው። ከመጠቀምዎ በፊት በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ጥቂት ቀብተው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ ካሳከከዎት አይጠቀሙበት።» «የተነቀለ ፀጉር ያበቅላል» ወይም «ማድያት ያጠፋል» የሚል ቃል ግን አይጻፉ። ሺያ በተር እርጥበት እንዳይተን ይከላከላል እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ሽታውን ሳይደብቁ መጻፍዎም ዕቃው እንዳይመለስብዎ ይረዳል።

ክፍያ ላይ አንድ ጥብቅ ሥርዓት ያስፈልጋል። ገዢዋ የላከችው የስክሪን ፎቶ ማስረጃ አይደለም፤ ሊቀነባበር ወይም የቆየ ደረሰኝ ሊሆን ይችላል። የራስዎን የቴሌብር መተግበሪያ ከፍተው ገንዘቡ መግባቱን፣ መጠኑንና የግብይት ቁጥሩን ያመሳክሩ። ከቴሌብር የሚመጣ መልእክት ላኪው 127 ነው፤ ከተራ የሞባይል ቁጥር የመጣ «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ማጭበርበሪያ ነው። የግብይት ቁጥሩን ከትዕዛዙ ጋር በደብተር ይመዝግቡ፤ አንድ ደረሰኝ ለሁለት ትዕዛዝ ቢቀርብ ወዲያውኑ ይታወቃል።

ማድረሱ ከከተማ ዳር ለሚሠራ ሰው ዋናው ወጪ ነው። ገርጂ ያለች አንዲት ገዢ ብቻ ዘንድ ሞተረኛ መላክ ትርፉን ሊበላው ስለሚችል፣ በሳምንት ሁለት የማድረሻ ቀን ወስነው በቻናሉ ያሳውቁ፤ ከአያት በሲኤምሲና በጉርድ ሾላ እስከ መገናኛ ያሉትን ትዕዛዞች በአንድ ጉዞ ይላኩ። የማድረሻውን ሒሳብም ከዕቃው ዋጋ ለይተው ይጻፉ። ለአድራሻ የሰፈር ስም ብቻ አይበቃም፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሳይቱን፣ ብሎኩንና የቤት ቁጥሩን፣ ካልሆነ የታወቀ ምልክትና የሚነሳ ስልክ ይቀበሉ።

ሺያ በተር በሰውነት ሙቀት አካባቢ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ፀሐይ ላይ በቆመ የሞተር ሣጥን ውስጥ መቅለጡ አይቀርም። ቀስ ብሎ ሲረጋ ደግሞ እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። አልተበላሸም፤ ገዢዋ ግን የተበላሸ ይመስላታል። በጠዋት መላክና ይህንኑ በማብራሪያው ላይ ማስቀደም ክርክሩን ያስቀራል። ፈሳሽ ዘይቶች ሲሆኑ ደግሞ ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልለው፣ ጠርሙሱን በላስቲክ ከረጢት አስረው ይላኩ። በባሕር ጠረፍ አካባቢ የታሸገ ዕቃ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው አዲስ አበባ ሲመጣ ውስጡ ያለው አየር ስለሚገፋ፣ በተለይ ፓምፕ ያላቸው ጠርሙሶች ያፈሳሉ።

ከመላክዎ በፊት የታሸገውን ዕቃ ፎቶ ለገዢዋ ይላኩ፤ ሞተረኛው ፊት እንድትፈትሸውም ይንገሯት። ፈሶ ወይም ተሰብሮ ከደረሰ ገንዘቡን ክፍያው ወደመጣበት ቁጥር ይመልሱ። ማሸጊያው ከተከፈተ በኋላ ግን ቅባት መልሶ መቀበል ለሌላ ገዢ ጤና ስለማይበጅ፣ ይህን ደንብ በቻናሉ አናት ላይ ፒን አድርገው ያኑሩት።