ወደ አሜሪካ ልጅ ልትጠይቁ ስትሄዱ የጉምሩክ ቅጹን እንዴት ትሞላላችሁ?

ከባሕር ዳር ወደ አሜሪካ ልጅ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ ሳይከፈት መናገር ይቻላል፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ የዘጌ ቡና፣ አንዳንዴም በጨርቅ ተጠቅልሎ መሃል የተሸሸገ ቋንጣ። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ቅጹ ላይ «ምግብ አልያዝኩም» ማለት ግን ጣጣ ያመጣል። እዚህ የማወራው 6059ቢ ስለሚባለው የአሜሪካ ጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጽ ነው። ዛሬ ወረቀቱን የማይሰጡ አየር ማረፊያዎች ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ሠራተኛው ያንኑ በቃል ስለሚጠይቅ መልሱን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ስምና የልደት ቀን ከፓስፖርት ላይ ይገለበጣሉ። የልደት ቀን ሲጻፍ ወር ይቀድማል፣ ከዚያ ቀን፣ ከዚያ ዓመት። ዘመኑም ፓስፖርቱ ላይ የታተመው የፈረንጆቹ ነው። ለባልና ሚስት አንድ ቅጽ ይበቃል፤ አብሮ የሚጓዘው ሰው ቁጥር የሚሞላበት ቦታ አለው። የምታርፉበት የልጃችሁ ቤት አድራሻ ከነመንገዱ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ እጃችሁ ላይ ይሁን። ስልክ ውስጥ ነው ብሎ መተማመን አይበጅም፤ ባትሪው የሚያልቀው ልክ ሰልፉ ላይ ነው።

ዋናው ነገር ተራ ቁጥር 11 ነው። በውስጡ አራት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ዕፅዋት፣ ዘርና ምግብን በአንድ ላይ ይጠይቃል። በርበሬም ሽሮም ቆሎም ምግብ ናቸውና መልሱ «አዎ» ነው። «አዎ» ማለት ዕቃው ይወሰዳል ማለት አይደለም። ሠራተኛው ያያል፤ የተፈጨ ቅመምና የተቆላ ቡና አብዛኛውን ጊዜ ያልፋሉ። ቡናውን እዚሁ ቆልታችሁ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻ አሽጋችሁ፣ ስሙን በእንግሊዝኛ ለጥፉበት። ስም የሌለው ቀይ ዱቄት ጥያቄ ያበዛል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሥጋንና ከእንስሳት የሚገኝ ነገርን ይመለከታል። ቋንጣ እዚህ ይወድቃል፤ አያልፍምም። ምክንያቱ የአፍና እግር በሽታ የሚባለው የከብት ተላላፊ በሽታ በአገራችን መኖሩ ነው፤ በፀሐይ መድረቁ አያድነውም። ቅቤም በዚሁ ጥያቄ ሥር መነገር አለበት፤ እኔ ግን ቤት ትታችሁት ሂዱ ባይ ነኝ። የተከለከለ ነገር ይዛችሁ ካስታወቃችሁ ዕቃው ይወሰዳል፣ ቅጣት ግን የለም። ሳታስታውቁ ከተገኘ ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ እስከ 1,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ልጆች በስልክ «ምንም የለኝም በሉ» ሲሉ አትስሟቸው። ሻንጣውን የሚያሸትተው ውሻ ምክራቸውን አልሰማም።

ሰው የሚዘለው አራተኛውን ነው፤ አፈር ይዘሃል ወይ፣ ከአሜሪካ ውጭ እርሻ ወይም የግጦሽ መሬት ላይ ነበርክ ወይ ይላል። ተራ ቁጥር 12 ደግሞ ከብት ነክተሃል ወይ ብሎ ይከተላል። ከመሄዳችሁ በፊት ገጠር ያሉ ዘመዶችን ልትሰናበቱ ሄዳችሁ በረት ከገባችሁ ሁለቱም መልሶች «አዎ» ናቸው። የሚከተለው የጫማ ምርመራ ነው፤ ጭቃ ከተገኘበት ያጸዱታል። ያንን ጫማ ከመንገድ በፊት ሶሉን በብሩሽ ፈትጋችሁ እጠቡት፣ ወይም ሌላ አድርጉ።

ገንዘብ ተራ ቁጥር 13 ላይ ነው። አሜሪካ ይዞ ለመግባት የገንዘብ ጣሪያ የለም፤ ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ግን ማስታወቅ ግዴታ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አባት 6,000 ዶላር፣ እናት 4,500 ዶላር ይዘዋል፤ ቅጹ ግን የሁለቱም አንድ ነው። ድምሩ 10,500 ስለሚሆን «አዎ» ብለው ፊንሴን 105 የሚባለውን ሌላ ቅጽ ይሞላሉ። እያንዳንዳችን ከ10,000 በታች ነን ማለት አያስኬድም። ዩሮም ብርም በዶላር ተመንዝሮ ይደመራል፣ የመንገደኛ ቼክም እንዲሁ፤ የባንክ ካርድ ግን አይቆጠርም። በማስታወቅ የሚከፈል ቀረጥ የለም፤ የተደበቀው ግን ሊወረስ ይችላል። ከቦሌ ስትወጡ የውጭ ምንዛሪውን የሰጣችሁ ባንክ ሰነድ የሚጠየቀው ለብቻው ነው፤ እሱንም ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ።

በመጨረሻ ተራ ቁጥር 15 እዚያ ትታችሁት የምትመጡትን ዕቃ ዋጋ ይጠይቃል። ለልጅ የተሸመነው ነጠላና ለልጅ ልጅ የተሰፋው ቀሚስ እዚህ ይገባሉ፤ ግምቱን በዶላር ጻፉ። የለበሳችሁትንና ይዛችሁት የምትመለሱትን አትደምሩ። ከዚያ ፊርማና ቀን፤ ቀኑም እንደ ልደቱ ወር ይቀድመዋል።