ያለቀ አኒሜሽን ከመለቀቁ በፊት፦ የሙዚቃ፣ የፎንትና የስቶክ ቪዲዮ ፈቃድ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ለአንድ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአምስት ደቂቃ አኒሜሽን ሠርተዋል እንበል። ፊልሙ በማኅበሩ የዩቲዩብ ቻናል ላይ ይወጣል። መክፈቻው ላይ በወርኃዊ ክፍያ ከሚገኝ የሙዚቃ አገልግሎት የወረደ ሙዚቃ አለ፤ መሐሉ ላይ ከአሮጌ ካሴት የተቀዳ የኦሮምኛ የሕዝብ ዘፈን ይሰማል፤ የስም ዝርዝሩ በሚያልፍበት መጨረሻ ላይ ደግሞ በነፃ የተገኘ የዋሽንት ዜማ ገብቷል። ርዕሱ ባማረ ፎንት ተጽፏል። በሥዕሎቹ መካከል ሁለት ስቶክ ቪዲዮዎች፣ ማለትም ሌላ ሰው የቀረጻቸው ዝግጁ ትዕይንቶች አሉ፤ አንዱ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና፣ ሌላው የጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ፊልም ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሌላው ፊልም ላይ የሚገጥመው ችግርም ከእነዚህ ብዙ አይርቅም።

መጀመሪያ፦ ሳይለቀቅ መፈተሽ

ዩቲዩብ አንድ ቪዲዮ ሲጫን ድምፁንና ምስሉን ባለመብቶች ካስመዘገቡት ሥራ ጋር በራሱ ያነጻጽራል። ይህ ሥርዓት ኮንቴንት አይዲ ይባላል። ፊልሙን Private አድርጎ ጭኖ Checks የሚለው ደረጃ እስኪያልቅ መጠበቅ በቂ ነው። ለዚህ ፍተሻ ትልቁን ፋይል መጫን አያስፈልግም። ጅማ ላይ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምስሉን አሳንሶ ድምፁን እንዳለ የሚያስቀር ትንሽ ቅጂ ይበቃል፤ ffmpeg በሚባለው ፕሮግራም እንዲህ ይሠራል፦

```
ffmpeg -i film.mp4 -vf scale=-2:360 -crf 30 -c:a copy test.mp4
```

ውጤቱን ስታነብቡ ግን ሁለት ነገሮችን አትርሱ። ሥርዓቱ የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው፤ ዛሬ ያልተመዘገበ ዘፈን የዛሬ ዓመት ሊመዘገብና የባለቤትነት ጥያቄው ያኔ ሊመጣ ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ ፎንት አያይም፤ የፈቃድ ሰነድም አያነብም። «ምንም ችግር አልተገኘም» የሚለው መልእክት የሚነግራችሁ ማሽኑ ያወቀው ነገር እንደሌለ ብቻ ነው። ከታች ካሉት ችግሮች ግማሾቹ በዚህ ፍተሻ ፈጽሞ አይታዩም።

ምልክት፦ የተከፈለበት ሙዚቃ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ መጣ

ወጣቶቹ የመክፈቻውን ሙዚቃ በሕጋዊ መንገድ አውርደዋል፤ ወርኃዊ ክፍያውም አልተቋረጠም። በእነርሱ ቻናል ላይ ሲሞክሩት ምንም አልተፈጠረም። ማኅበሩ በራሱ ቻናል ሲጭነው ግን የመጀመሪያዎቹ አርባ ሰከንዶች ላይ ጥያቄ ቀረበ።

ምክንያቱ አብዛኛው የደንበኝነት አገልግሎት ፈቃዱን ከፋይሉ ጋር ሳይሆን ከቻናሉ ጋር የሚያያይዝ መሆኑ ነው። ደንበኛው የቻናሉን አድራሻ በሒሳቡ ውስጥ ያስመዘግባል፤ አገልግሎቱም ያንን ቻናል ከጥያቄ ነፃ ያደርጋል። የማኅበሩ ቻናል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከዚህ የባሰ ጉዳይም አለ፦ ርካሹ የክፍያ ዓይነት ብዙ ጊዜ ለራስ ቻናል ብቻ ነው፤ ለሌላ ድርጅት በክፍያ የሚሠራ ፊልም የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ቻናሉን ማስመዝገብ ጥያቄውን ቢያስነሳም፣ ውሉ ተጥሶ ሊሆን ይችላል።

መፍትሄው የሚጀምረው ከሒሳቡ ገጽ ነው። የተከፈለበት ደረጃ ለደንበኛ የሚሠራ ሥራን ይፈቅዳል ወይ? ከፈቀደ የማኅበሩን ቻናል ማስመዝገብ ይበቃል፤ ጥያቄው አስቀድሞ ከመጣ አብዛኛዎቹ አገልግሎቶች የቪዲዮውን አድራሻ ተቀብለው የሚያነሱበት ቅጽ አላቸው። ካልፈቀደ ለዚህ አንድ ፊልም የሚሆን ነጠላ ፈቃድ በማኅበሩ ስም መግዛት የተሻለ ነው። እኔ ሁልጊዜ ይህንን እመርጣለሁ፤ ወጣቶቹ ደንበኝነታቸውን ቢያቋርጡም ማኅበሩ የራሱ ሰነድ ይኖረዋል።

አገልግሎቱ ዝም ካለ በዩቲዩብ በኩል ተቃውሞ ይቀርባል። ጠያቂው ምላሽ ለመስጠት 30 ቀን አለው፤ ዝም ካለ ጥያቄው ይወድቃል። ቪዲዮው ገቢ የሚያገኝ ከሆነ ተቃውሞውን በ5 ቀን ውስጥ ማቅረብ ይጠቅማል፤ ገቢው ከጥያቄው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ክርክሩ እስኪያልቅ ተይዞ ይቆያልና። ሰነድ ሳይኖር ግን አትከራከሩ። ተቃውሞው ውድቅ ሆኖ ይግባኝ ሲባል ጠያቂው ቪዲዮው እንዲወርድ ሊያደርግ ይችላል፤ ያኔ ጉዳዩ ተራ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ በቻናሉ ላይ የሚመዘገብ ጥሰት ይሆናል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጥሰት ቻናሉን ያዘጋል።

ምልክት፦ «የሕዝብ ዘፈን ነው» ያልነው ተያዘ

ከካሴቱ የተወሰደው ዘፈን ደራሲው የማይታወቅ፣ አያቶች ሲያዜሙት የኖረ ነው። ጥያቄው ግን ዜማው ላይ አልመጣም፤ የመጣው ቅጂው ላይ ነው። አንድ የተቀዳ ዘፈን ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓይነት መብቶች አሉ፦ የግጥምና ዜማው፣ እንዲሁም የዘፋኙና የአሳታሚው። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁ የተለየ፣ 50 ዓመት የሚቆይ ጥበቃ ይሰጣል። ካሴቱ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከሆነ ጊዜው ገና አላለቀም። ፊልሙ በሌሎች አገሮችም ስለሚታይ የእነርሱ ስሌት ከዚህ ሊረዝም ይችላል።

ድምፁን ማፍጠን፣ ማቅጠን ወይም ወደ ሰባት ሰከንድ ማሳጠር መፍትሄ አይደለም። «ከአስር ሰከንድ በታች ነፃ ነው» የሚባለው ወሬ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ሕግ ውስጥ ግን የለም።

ትክክለኛው መፍትሄ እንደገና ማስቀዳት ነው፤ ጅማ ላይ ደግሞ ይህ ከብዙ ቦታ ይልቅ ቀላል ነው። ዘፈኑን የሚያውቅ ዘፋኝና አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ይበቃሉ። የሚረሳው ወረቀቱ ነው። አንድ ገጽ በሚሆን ስምምነት ላይ ቅጂው ከዚህ ፊልም ምስል ጋር እንዲቀናበር፣ በኢንተርኔት እንዲለቀቅ፣ በማንኛውም ቻናልና ለንግድም ጭምር እንዲውል መፈቀዱ፣ የተከፈለው ገንዘብና የሁለቱም ወገኖች ፊርማ ይሰፍራል። ዘፋኙ አዲስ ግጥም ከጨመረበት ደግሞ የዚያ ግጥም ደራሲ እርሱ ነው፤ ይህም በስምምነቱ መጠቀስ አለበት።

ምልክት፦ ጥያቄ አልመጣም፤ ፈቃዱ ግን ይከለክላል

የዋሽንቱ ዜማ በፍተሻው አልተያዘም። የወረደበት ገጽ ላይ CC BY-ND 4.0 ይላል፤ ይህ ሠሪዎች ሥራቸውን ለሕዝብ ከሚለቁባቸው ዝግጁ የክሪየቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች አንዱ ነው። ወጣቶቹ «ዜማውን አልቀየርነውም፤ ስሙንም ጠቅሰናል» ይላሉ። ምክንያታዊ ይመስላል፤ ስህተት ግን ነው። የክሪየቲቭ ኮመንስ 4.0 ፈቃድ ጽሑፍ ሙዚቃን በተመለከተ የማያሻማ ነገር ይናገራል፦ ሙዚቃ ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር በጊዜ ሲቀናበር ሁልጊዜ አዲስ የተሻሻለ ሥራ እንደተፈጠረ ይቆጠራል። ND ደግሞ የተሻሻለ ሥራን ማሰራጨት ይከለክላል። ስለዚህ ND ያለበት ሙዚቃ አንድ ኖታ ሳይነካ እንኳ ወደ ፊልም አይገባም።

በዚሁ ሕግ ምክንያት SA ያለበት ሙዚቃም ይጎትታል፤ ፊልሙ ራሱ በዚያው ፈቃድ እንዲለቀቅ ያስገድዳል። ማኅበሩ ይህንን ቢፈቅድ እንኳ የመክፈቻው ሙዚቃ አይፈቅድም፤ በደንበኝነት የተገኘ ሙዚቃ ለማንም በነፃ አይተላለፍም። ለንግድ መዋልን የሚከለክለው NC ደግሞ ቡና ለሚሸጥ ማኅበር አይሆንም። ቪዲዮው ላይ ማስታወቂያ ባይኖርም ፊልሙ የተሠራው ለሽያጭ ነውና። የሚቀሩት ምንም ግዴታ የሌለበት CC0 እና የሠሪውን ስም መጥቀስ የሚጠይቀው CC BY ናቸው። ሁለተኛው ከተመረጠ በፊልሙ መጨረሻና በቪዲዮው መግለጫ ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

```
ሙዚቃ፦ የሥራው ርዕስ፣ የሠሪው ስም
ምንጭ፦ የወረደበት ገጽ አድራሻ
ፈቃድ፦ CC BY 4.0, https://creativecommons.org/licenses/by/4.0/
ለፊልሙ ርዝመት ተቆርጧል
```

ምልክት፦ የፎንቱን ፈቃድ ማንም ማግኘት አልቻለም

ፎንት በማሽን ፍተሻ አይያዝም፤ ጥያቄው የሚመጣው በኢሜይል፣ ብዙውን ጊዜም ፊልሙ ከታወቀ በኋላ ነው። በጅማ ኮምፒውተር ቤቶች በፍላሽ የሚዞሩ የአማርኛ ፎንቶች አብዛኛዎቹ ከመጀመሪያ ማህደራቸው ተነጥለዋል፤ የፈቃዱ ጽሑፍ በመንገድ ላይ ቀርቷል። በዊንዶውስ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ Properties፣ ከዚያም Details ውስጥ የቅጂ መብት መስመሩን ማንበብ ይቻላል። ከዚያ በተገኘው ስም ወደ ሠሪው ገጽ ይኬዳል። የወረደው ማህደር ውስጥ Personal use only የሚል ካለ ለማኅበሩ ፊልም አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ማኅበሩ የፊልሙን ርዕስ ወድዶት በቡና ከረጢት ላይ ሊያትመው ይፈልጋል። ለቪዲዮ የሚፈቅዱ አንዳንድ ፈቃዶች ለአርማ አይፈቅዱም፤ ስለዚህ ጥያቄው ከመጀመሪያው መነሳት አለበት። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ናያላም የራሱ ነገር አለው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ መጠቀም አንድ ነገር ነው፣ የፎንቱን ፋይል ከፕሮጀክቱ ጋር ለሥራ ባልደረባ መላክ ግን ማከፋፈል ነው፤ ያ አይፈቀድም።

የእኔ ምክር ፎንቱን መቀየር ነው። Abyssinica SIL፣ Noto Serif Ethiopic እና Noto Sans Ethiopic በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የተለቀቁ ናቸው፤ ለንግድ ፊልምም ለአርማም ይሆናሉ፣ ፋይላቸው ከነፈቃድ ጽሑፋቸው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ በፊልሙ ላይ ስማቸውን መጥቀስም ግዴታ አይደለም። ከተቀየረ በኋላ እያንዳንዱን ጽሑፍ እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ በአንድ መስመር ያለቀው ወደ ሁለት ሊሰበር ይችላል።

ምልክት፦ ቪዲዮው ተገዝቷል፣ ግን Editorial use only ይላል

የተሰጣው ቡና ትዕይንት ላይ ፊታቸው የሚታይ ሠራተኞች አሉ። ሻጩ ከእነርሱ የፈቃድ ፊርማ ስለሌለው ቪዲዮው ለዜናና ለመረጃ ብቻ ይሸጣል፤ ለማስተዋወቂያ አይሆንም። ፊታቸውን ማደብዘዝ የውሉን ቃል አይቀይርም። ወጣቶቹ ያሰቡት ሌላ መውጫም አይሠራም፦ ትዕይንቱን ፍሬም በፍሬም ከላዩ ላይ ስሎ አኒሜሽን ማድረግ ከዚያው ሥራ የተወለደ ሥራ ነው፣ ፈቃዱም ይከተለዋል። ቡና በየደጁ በሚሰጣበት አገር ይህንን በስልክ ቀርጾ፣ የሚታዩትን ሰዎች አስፈርሞ መጠቀም ከመግዛትም ይረክሳል።

የቤተ መንግሥቱ ትዕይንት የተወሰደው ክሪየቲቭ ኮመንስ ተብሎ ከተጫነ የዩቲዩብ ቪዲዮ ነው። እዚህ የሚጣራው ጫኙ ቀራጩ መሆኑ ነው፤ የሰው ሥራ የጫነ ሰው የሌለውን መብት ሊሰጥ አይችልም። አንድ ፍሬም አንሥቶ በጎግል የምስል ፍለጋ መፈለግ፣ ጥጉ ላይ የተቆረጠ የቴሌቪዥን ጣቢያ አርማ እንዳለ ማየት፣ የጫኙ ሌሎች ቪዲዮዎች የአንድ ሰው እጅ መምሰላቸውን መመልከት ብዙውን ይነግራል። ጥርጣሬ ካለ ጅሬን ቅርብ ነው፤ ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ጠይቆ መቅረጽ ይቻላል።

ለቀሩት ሁሉ የፈቃዱን ገጽ ከነአድራሻውና ከነቀኑ ፎቶ አንሥታችሁ ከፕሮጀክቱ ጋር አስቀምጡ። ገጾች ይለወጣሉ፦ ፒክሳቤይ እ.ኤ.አ. እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ CC0 ይጠቀም ነበር፤ ከዚያ በኋላ የራሱን ፈቃድ አወጣ። መቼ እንደወረደ የማይታወቅ ፋይል በየትኛው ፈቃድ እንደተወሰደ ማስረዳት ያስቸግራል። ማኅበሩም ፊልሙን ሲረከብ የዚህን ማህደር ቅጂ ይረከብ፤ ጥያቄ ሲመጣ ኢሜይሉ የሚደርሰው ለቻናሉ ባለቤት ነውና።