በስሜት ፊቶችና በማስገመት ጨዋታ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በብዙ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍሎች ጨዋታው እንዲህ ነው፦ መምህሯ የፊት ካርድ ታነሳለች፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ተናዷል!»፣ «አዝኗል!» ይላሉ፣ ቀጣዩ ካርድ ይወጣል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካርዶቹ ሁሉ ይታወቃሉ። ከእነዚሁ ልጆች አንዱ ግን መኪናውን ሲነጠቅ «ተናደድኩ» ማለት አይመጣለትም፤ ይማታል ወይም ጥግ ይዞ ያኮርፋል። ልጁ የተማረው የካርዱን ስም ነው፤ ከውስጡ የሚሰማውን ነገር ስም ገና አልተማረም። ይህ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ጨዋታው በሚመራበት መንገድ ነው።

ፊቶቹን በአንድ ጊዜ ማብዛት

ታትመው የሚመጡ የካርድ ስብስቦች ብዙ ጊዜ ከ10 በላይ ፊቶች አሏቸው፤ ኩራት፣ ቅናት፣ እፍረት፣ መሰልቸት ሁሉ አለበት። መምህሩም ሁሉንም ይዘረጋቸዋል። ትንንሽ ልጆች ግን ስሜትን በዚያ መልክ ከፋፍለው አይጀምሩም። ሼሪ ዋይደንና ጄምስ ራስል የተባሉት ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ልጆች መጀመሪያ የሚለዩት ደስ የሚለውንና የማይለውን ነው። ከዚያ ሀዘንና ንዴት ይለያያሉ፤ ፍርሃትና መገረም ይከተላሉ፤ መጸየፍ ከሁሉም ይዘገያል። ስለዚህ የሦስት ዓመት ልጅ የፈራውን ፊት አይቶ «አዝኗል» ቢል አልሳተም ማለት ይቻላል፤ «ደስ አላለውም» ከሚለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ያለውን ቃል አውጥቶ ነው።

በሦስት ፊቶች ይጀምሩ፦ ደስታ፣ ሀዘን፣ ንዴት። ልጆቹ እነዚህን ሲለዩ ፍርሃትን ይጨምሩ። ሱዛን ዴናም የልጆችን የስሜት እውቀት ለመመዘን ያዘጋጀችው በአሻንጉሊት የሚካሄድ ፈተና እንኳ የሚጠቀመው እነዚህኑ አራቱን ብቻ ነው። ፈተናው ስም መጥራትንና ማመልከትን ለየብቻ ይመዝናል፤ ይህ ለመምህርም ይጠቅማል። ሦስቱን ካርዶች ዘርግተው «የተናደደው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ልጁ በጣቱ በትክክል እያመለከተ «ይህስ ምን ሆኗል?» ሲባል ዝም ካለ ፊቱን አውቆታል፤ የጎደለው ቃሉን ማውጣት ነው። ማመልከቱም ግራ ካጋባው ግን አዲስ ካርድ መጨመር ገና ነው።

እንባውን ብቻ የሚያስተምር ካርድ መምረጥ

ብዙ የተሳሉ ካርዶች ሀዘንን በትልልቅ እንባ፣ ንዴትን በቀይ ፊትና ከጆሮ በሚወጣ ጭስ ያሳያሉ። ልጁ እንባውን ወይም ጭሱን አይቶ በትክክል ይመልሳል፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ጓደኛው ግን ያለ እንባ ስታዝን አያውቅባትም። መፈተኑ ቀላል ነው፦ እንባውን በአውራ ጣትዎ ሸፍነው ካርዱን ያሳዩ። መልሱ ከጠፋ ልጁ ያነበበው ፊቱን አልነበረም።

ከዚህ የሚመጣ ሌላም ችግር አለ። በአንዳንድ ስብስቦች የተናደደው ሁልጊዜ ጢም ያለው ሰውዬ፣ ያዘነችው ሁልጊዜ ትንሽ ልጅ ናት። ያኔ ልጆቹ ሳያውቁት ስሜቱን ከሰውየው ጋር ያያይዙታል። የሚሻለው አንድ ሰው አራቱንም ስሜቶች የሚያሳይባቸው ፎቶዎች መያዝ ነው፤ ያኔ ከካርድ ካርድ የሚለዋወጠው ቅንድብ፣ ዓይንና አፍ ብቻ ይሆናል። መምህሩ ራሱን ፎቶ ቢያነሳ ይበቃል። ወላጆች ከፈቀዱ ደግሞ የክፍሉን ልጆች ፎቶ የሚያህል የለም።

ፎቶ ሲያነሱም ሆነ ከልጆቹ ጋር መስታወት ፊት ሲቆሙ የሚታየው ይህ ነው። ሲናደዱ ቅንድቦች ወደ ታች ወርደው ይቀራረባሉ፣ ከንፈርም ይጠብቃል። ሲያዝኑ የቅንድቡ የውስጥ ጫፍ ወደ ላይ ይነሳል፣ የከንፈር ዳሮች ወደ ታች ይወርዳሉ። ለልጆቹ ይህን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም፤ «ቅንድቡን እዩት፣ ምን ሆነ?» ማለት በቂ ነው።

በማስገመት ጨዋታ የስሜቱን ስም ብቻ ማንሾካሾክ

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። መምህሯ ልጅቷን ጠርታ በጆሮዋ «ፍርሃት» ትላታለች፤ ልጅቷም የካርዱን ፊት ኮርጃ ታሳያለች፣ ሌሎቹ ይገምታሉ። ፍርሃት ከምን እንደሚመጣና ሰው ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ጨዋታው ውስጥ አልገባም። በስሙ ፋንታ ሁኔታውን ያንሾካሹኩ።

ስድስት ልጆች በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል እንበል። መምህሯ ለአንዷ «ትልቅ ውሻ እየጮኸ ወደ አንቺ መጣ፤ ምን ትሆኛለሽ? አሳዪን» አለቻት። ብዙ የአራት ዓመት ልጆች እዚህ ላይ ውሻውን ሆነው መጮህ ይጀምራሉ። ስለዚህ ቀድማ «ውሻውን አይደለም፤ አንቺን ነው የምናየው» ማለት አለባት። ልጅቷ ዓይኗን አፈጠጠች፣ አፏንም ከፈተች። ሦስት ልጆች «ተገርማለች!» አሉ።

እዚህ ላይ «አይደለም፣ ሌላስ?» ከተባለ ልጆቹ የቀሩትን ስሞች እየደረደሩ አንዱ እስኪገጥም ይሞክራሉ፤ ማየቱ ይቀራል። መምህሯ ግን «ምኗን አይታችሁ ነው?» ብላ ጠየቀች። «ዓይኗ ትልቅ ሆነ» አለ አንዱ፤ «አፏ ተከፈተ» አለች ሌላዋ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የፈጠጠ ዓይንና የተከፈተ አፍ የፍርሃትም የመገረምም ምልክት ነው። አዋቂም ፎቶ ብቻ አይቶ ሁለቱን ያምታታቸዋል።

ከዚያ መምህሯ ልጅቷን «ቀጥዪ፤ ውሻው ቀረበ፣ አሁንስ?» አለቻት። ትከሻዋን ሰብስባ፣ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ወደ ኋላ ሸሸች። «ፈራች!» አሉ ሁሉም። «አሁን በምን አወቃችሁ?» «ሸሸች!» በመጨረሻ መምህሯ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገጠመችው፦ «ፈርታለች፤ ውሻው መጣባት፤ ስለዚህ ሸሸች።» ስም፣ ምክንያት፣ ድርጊት፣ በልጅ አንደበት ሊደገም በሚችል አጭር መልክ። ወዲያው ቀጥሎ ለሌላ ልጅ «ሳጥን ስትከፍት ያላሰብከው ነገር አገኘህ» ተባለ። እሱም ዓይኑን አፈጠጠ፤ ግን ጎንበስ ብሎ ሊያይ ወደ ፊት ቀረበ። ልጆቹ ልዩነቱን ያገኙት ከፊቱ ይልቅ ከአካሉ ነው። ካርድ ብቻውን ይህን ማስተማር አይችልም፤ የማስገመት ጨዋታው ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

በአንድ ዙር ሦስት ወይም አራት ልጆች ቢያሳዩ ይበቃል፤ ከ10 ደቂቃ ካለፈ የተቀመጡት መቁነጥነጥ ይጀምራሉ። ለሦስት ዓመት ልጆች አንዱ ብቻ ወጥቶ ከሚያሳይ ሁሉም አንድ ላይ ቢያሳዩ ይሻላል።

አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ መቀበል

መምህሩ «ዛሬ እናትህ ቶሎ መጥታ ወሰደችህ» ብሎ አንሾካሸከ፤ ልጁ ግን ፊቱን አኮማትሮ እግሩን መታ። መምህሩም «አይ፣ ደስ ነው የሚለው!» ብሎ አረመው። ልጁ ግን የጀመረውን ግንብ ሳይጨርስ መወሰዱን አስቦ ይሆናል። ሲያርሙት የሚደርሰው መልእክት የሚሰማውን የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው የሚል ነው። ዳኛው አሳዪው ራሱ ይሁን፦ «ለምን ተናደድክ?» ብሎ ምክንያቱን መስማት ይቀድማል። ዴናም በፈተናዋ ውስጥ ሆን ብላ እንዲህ ያሉ ሁኔታዎችን አስገብታለች፤ አንዱ ልጅ በደስታ የሚገባበት ትምህርት ቤት ሌላውን ያስፈራዋል። በክፍል ውስጥም ያንኑ ሁኔታ ለሁለት ልጆች ሰጥቶ ሁለት የተለያየ ስሜት መቀበል ይቻላል።

ፊትም ቢሆን ሁልጊዜ እንደ ካርዱ አይሆንም። ሰው ተናዶ ዝም ይላል፣ ያለቅሳል፣ ፈገግ የሚልም አለ። ልጆች ሰው የሚሰማውን በፊቱ ላያሳይ እንደሚችል መረዳት የሚጀምሩት ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ለትልልቆቹ «ፊቱ እንዲህ ነው፤ ውስጡስ?» የሚለው ጥያቄ ይመጥናል። ለትንንሾቹ «ምን የሆነ ይመስላችኋል?» ማለት «ምን ሆኗል?» ከማለት ይሻላል፤ ለግምት ቦታ ይተዋልና።

«ጥሩ» ፊትና «መጥፎ» ፊት ብሎ መለየት

ደስታን በአረንጓዴ፣ ንዴትን በቀይ ቀለም አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል የተለመደ ነው። ውጤቱ ጠዋት ጠዋት ልጆች ስማቸውን በሚለጥፉበት ሰሌዳ ላይ ይታያል፤ ሁሉም አረንጓዴው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑ ያበጠው ልጅ ሳይቀር። ፊቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለምና መጠን ይኑራቸው፤ ልጁም ሌሎች ሳያዩት መለጠፍ ይችል። በቀላሉ የሚስተካከለው ስህተት ይህ ነው።

እያለቀሰ ያለን ልጅ ካርድ እንዲመርጥ ማድረግ

ልጁ መሬት ላይ ወድቆ ሲጮህ «ና፣ ምን እንደተሰማህ አሳየኝ» ብሎ አራት ካርድ መዘርጋት አይረዳም። በዚያ ሰዓት መምረጥም ማወዳደርም አይችልም፤ ካርዱን ሊበትነውም ይችላል፤ ከዚያም ካርዱ የቁጣው ጊዜ ዕቃ ሆኖ ይቀርበታል። መጀመሪያ አጠገቡ ዝቅ ብሎ መቀመጥና በአንድ አጭር ቃል ስሙን ማቀበል ነው፦ «ተናደድክ። መኪናህን ወሰደብህ።» ካርዱ የሚወጣው ትንፋሹ ከረጋ በኋላ ነው፤ ያኔም ከሁለት አይበልጥ፦ «ተናደህ ነበር ወይስ አዝነህ?» ሁለቱንም ቢያነሳ ይቀበሉት፤ «መጀመሪያ የትኛው መጣ?» ብለው ይጠይቁት።

በዚህ መንገድ ሲሠራ ለውጡን የሚያሳየው የካርድ መልስ ብዛት አይደለም። በነፃ ጨዋታ ሰዓት ጆሮዎን ጣል አድርገው ይስሙ፤ ሳይጠየቅ «ከፋኝ»፣ «ፈራሁ» ወይም «እሷ ተናዳለች» ያለውን ልጅ ከምክንያቱ ጋር ማስታወሻ ላይ ያስፍሩ። በወር ውስጥ ስሙ አንዴም ያልተመዘገበ ልጅ ካለ፣ በቀጣዩ ዙር ጆሮው ውስጥ የሚንሾካሾከውን ሁኔታ ከራሱ የጨዋታ ጥግ ይውሰዱለት፤ ብሎክ የሚወድ ከሆነ ስለፈረሰ ግንብ፣ ሥዕል የሚወድ ከሆነ ስለተቀደደ ወረቀት። በዚያው ዕለት ያስለቀሰውን ነገር ግን መልሰው በጓደኞቹ ፊት እንዲያሳይ አያድርጉት።