ኮኦርዲኔት ከወረቀት ካርታ ላይ ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስህተቶቹን በአንድ ምሳሌ ላይ እያሳየን እንሂድ። የካርታው እስኬል 1:250,000 ነው፤ የኬክሮስና የኬንትሮስ መስመሮቹ በየ15 ደቂቃው ተሰምረዋል። የምንፈልገው ነጥብ ያረፈበት ሣጥን ከታች በ40°15′፣ ከላይ በ40°30′ ሰሜን፣ ከግራ በ33°45′፣ ከቀኝ በ34°00′ ምሥራቅ የታጠረ ነው። በማስመሪያ ስንለካው የሣጥኑ ቁመት 111፣ ስፋቱ ደግሞ 85 ሚሊ ሜትር ሆነ። ነጥቡ ከታችኛው መስመር 37፣ ከግራው መስመር 51 ሚሊ ሜትር ይርቃል።

ደቂቃን እንደ አስርዮሽ መጻፍ

ከሁሉም በብዛት የሚታየው ስህተት ይህ ነው። 37ን ለ111 ስናካፍል አንድ ሦስተኛ ይመጣል፤ የ15 ደቂቃ አንድ ሦስተኛ 5 ደቂቃ ስለሆነ ኬክሮሱ 40°20′ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው 40.20 ብሎ ይጽፋል። አንድ ዲግሪ ግን 60 ደቂቃ እንጂ 100 ስላልሆነ 20 ለ60 መካፈል አለበት፤ ትክክለኛው 40.333 ነው። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፣ መሬት ላይ ግን ነጥቡን ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ይገፋዋል።

ስህተቱን ለመያዝ ቀላሉ መንገድ የሣጥኑን ጠርዞች አስቀድሞ ወደ አስርዮሽ መቀየር ነው። የኛ ሣጥን ከ40.25 እስከ 40.50 ይደርሳል፤ 40.20 ከሣጥኑ ውጭ ስለሚወድቅ ወዲያው ያጋልጣል። ሌላ ሰው የሞላው ረጅም ዝርዝር ሲደርስዎ ደግሞ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ሁለት አሃዞች ይመልከቱ። ከብዙ መስመሮች መካከል አንድም ከ59 የሚበልጥ ካልተገኘ፣ የተጻፈው አስርዮሽ ሳይሆን ደቂቃ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

በቁመት የለኩበትን ለስፋትም መጠቀም

የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታዎቹ በሄዱ ቁጥር እየተቀራረቡ ይመጣሉ። ከምድር ወገብ አጠገብ ሣጥኑ ካሬ ሊባል ይችላል፣ በ40 ዲግሪ ላይ ግን ስፋቱ ከቁመቱ ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ 51 መካፈል ያለበት ለ85 ነው፦ 0.6 ይሆናል፣ ያም 9 ደቂቃ ነው። ኬንትሮሱ 33°54′፣ በአስርዮሽ 33.900 ሆነ ማለት ነው። አንዱን መለኪያ ለሁለቱም የወሰደ ሰው 51ን ለ111 አካፍሎ 33.865 ያገኛል፤ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ስቷል። ይህ መልስ ከሣጥኑ ስለማይወጣ የመጀመሪያው ማጣሪያ አይዘውም፤ ሁለቱንም ጎኖች ከመለካት ሌላ መፍትሔ የለውም።

መለካቱ ሌላም ጥቅም አለው። ካርታው ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ቢያንስ ወይም ቢያድግ የታተመው እስኬል አይሠራም፤ ሣጥኑና ነጥቡ ግን አብረው ስለሚቀየሩ ክፍልፋዩ እንዳለ ይቆያል። ወረቀቱ ከተጣጠፈ ዘርግተው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያድርጉት።

የኪሎ ሜትር ግሪድን ከዲግሪ መስመር ጋር ማምታታት

በብዙ የመልክዓ ምድር ካርታዎች ላይ ጎልቶ የሚታየው ፍርግርግ የሜትር መለኪያ ነው፤ ዲግሪው በጠርዙ ላይ ባሉ አጫጭር ጭረቶች ብቻ ይመላከታል። መለያው በመስመሩ ጫፍ ያለው ጽሑፍ ነው፦ የዲግሪና የደቂቃ ምልክት ከሌለው ከዚያ መስመር ተነስቶ ዲግሪ መቁጠር አይቻልም። እንዲህ ሲሆን በተቃራኒ ጠርዞች ላይ ያሉትን ተመሳሳይ ጭረቶች በእርሳስ አገናኝቶ የራስን ሣጥን መሥራት ይሻላል።

አቅጣጫና ቅደም ተከተል

በደቡብ ንፍቀ ክበብ የኬክሮስ ቁጥር ወደ ታች፣ ከግሪኒች በስተ ምዕራብ ደግሞ የኬንትሮስ ቁጥር ወደ ግራ ያድጋል። ልኬቱ ሁልጊዜ ትንሹ ቁጥር ካለበት መስመር ይጀምር፤ የመቀነስ ምልክቱ የሚጨመረው ስሌቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሲጻፍ በተለምዶ ኬክሮስ ይቀድማል፦ 40.333, 33.900። አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን ኬንትሮስን ስለሚያስቀድሙ ከመሙላትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ካርታው የማይችለውን አሃዝ መጻፍ

ካልኩሌተሩ 40.333333 ስላለ ብቻ ያን ሁሉ መገልበጥ ውሸት ነው። በዚህ እስኬል 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 250 ሜትር ነው። ጥንቃቄ ያለው ዓይን በማስመሪያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢለይ 125 ሜትር መሆኑ ነው፤ የኬክሮስ 0.001 ዲግሪ ደግሞ 111 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አሃዝ ይበቃል። የድሮ ካርታ ከሆነ በኅዳጉ ላይ የተጻፈውን ዳተም፣ ማለትም ኮኦርዲኔቶቹ የሚሰሉበትን መነሻ፣ ይመልከቱ፤ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት WGS 84 ከተለየ ንባቡ ትክክል ሆኖም ነጥቡ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ሊዛነፍ ይችላል።